ከነጋሽ እስከ መቀሌ፦ የጎን ቁርጥ ሥዕሉን ከታች ወደ ላይ ስናነበው

ባለፈው ሐሙስ የሰጠኋችሁን፣ ምድሩ ከላይ እስከ ታች ቢቆረጥ የሚታዩትን የድንጋይ ንጣፎች የሚያሳየውን የጎን ቁርጥ ሥዕል አብዛኞቻችሁ ማንበብ የጀመራችሁት ከስብራቱ ነው። ጎልቶ የሚታየው እሱ ስለሆነ አልፈርድባችሁም። ግን ስብራት ምን እንደሰበረ ሳይታወቅ መቼ እንደመጣ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ከሥር እንነሳ።

ከሁሉ በታች ያለው የነጋሽ ሲንክላይን ነው፦ ስሌት የሚባለው በስስ ገጾች የሚሰነጠቅ ድንጋይ፣ ጥቁር የኖራ ድንጋይ፣ መሐል ላይ ደግሞ ጠጠርና ጭቃ የተደባለቀበት ዳያሚክታይት። ሁሉም መጀመሪያ በአግድም የተነጠፉ ደለሎች ነበሩ፤ ኋላ ከግራና ከቀኝ ሲገፉ ታጠፉና እንደ ገበታ ጎደጎዱ። እንዲህ ባለ እጥፋት ውስጥ መሐሉን የሚይዘው በዕድሜ ትንሹ ንጣፍ ነው፤ እዚህ ዳያሚክታይቱ ማለት ነው።

አሁን ከእጥፋቱ በላይ ያለውን ሞገድ መሰል መስመር በጣታችሁ ተከተሉት። ከሥሩ ስሌቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ተቆርጧል። ከላዩ የእንትጮና የአዲግራት አሸዋ ድንጋዮች ተጋድመዋል። የታጠፈው ምድር ከፍ ብሎ፣ ተሸርሽሮ፣ ተደልድሎ ካበቃ በኋላ ነው አሸዋው የመጣው። በእርሳስ የተሰመረችው ይህች ቀጭን መስመር ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ውጣለች። ከሥዕሉ ሁሉ እኔን የምትገርመኝ እሷ ናት፤ ዘላችኋት አትለፉ።

ቀጥሎ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ገባ። የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ተነጠፈ፤ ከላዩ የአጉላ ሼል፣ ማለትም ከጭቃ የጠጠረ ስስ ንጣፍ ድንጋይ።

ወደ ስብራቱ እንመለስ። በአንድ በኩል ሼሉ ወርዶ በሌላው በኩል ካለው የኖራ ድንጋይ ጋር ገጥሟል። የወረደው ከስብራቱ ገጽ በላይ የተደገፈው ብሎክ ስለሆነ ምድሩ ተለጥጦ ነው የተሰበረው፤ ኖርማል ፎልት ነው። ሼሉን ቆርጧል፤ የአምባ አራዶምን አሸዋ ድንጋይ ግን አልነካም፤ አሸዋ ድንጋዩ ላዩ ላይ ሳይዛነፍ ተኝቷል። እንግዲህ ስብራቱ በሁለቱ መካከል የተፈጠረ ነው።

ሼሉ ውስጥ ቀልጦ ገብቶ የቀዘቀዘውን ጥቁር ድንጋይ፣ ዶሌራይቱን፣ አንዳንዶቻችሁ ምድር ላይ የፈሰሰ ላቫ ብላችሁታል። ከሳጥኑ ያወጣናቸውን ሁለት የሼል ናሙናዎች አስታውሱ፤ አንዱ ከዶሌራይቱ ሥር፣ ሌላው ከላዩ የተነሳ ነው። ሁለቱም ተጠብሰው ጠንክረዋል፤ በጥፍር ብትጭሯቸው አይላጡም። ላቫ ቢሆን የሚጠብሰው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነበር። ዶሌራይቱ በንጣፎች መካከል ሰርጎ የገባ፣ «ሲል» የሚባለው ዓይነት ድንጋይ ነው። አንዱ ቅርንጫፉም ስብራቱን ተከትሎ ስለወጣ ከስብራቱ በኋላ መጥቷል።

ከአምባ አራዶም አሸዋ ድንጋይ በላይ ባዛልቱ ፈሰሰ። ዶሌራይቱ ከእሱ ይቅደም ወይስ ይከተል? ሁለቱ በሥዕሉ ላይ የትም ስለማይገናኙ ከሥዕሉ ብቻ መልስ አይገኝም፤ «አይታወቅም» ብላችሁ ለጻፋችሁት ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። በላቦራቶሪ የተለካው ዕድሜ ሁለቱንም ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ያስጠጋቸዋል።

የመጨረሻው ክስተት ወንዞቹ ሸለቆውን መቁረጣቸው ነው፤ ባዛልቱንም፣ ሼሉንም፣ ዶሌራይቱንም ቆርጠዋል፤ ዛሬም እየቆረጡ ነው።