አለብዎት

ዳዊት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጠፋው። መርካቶ ያለ የቆርቆሮና የሚስማር አከፋፋይ ሒሳብ ሹም ነው። ባለዕዳው ደግሞ መስፍን ነው፣ አብሮ አደጉ። የመስፍን ሱቅ ሰበታ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ ተቆፍሮ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ወዲያው ደግሞ ሚስቱ ታመመች። ሥራ አስኪያጁ ግን «ዛሬ ካልጻፍክ ለጠበቃ እሰጠዋለሁ» ብለዋል።

«ለአቶ መስፍን፦ በዱቤ ከወሰዱት ዕቃ 186,400 ብር አለብዎት። የመክፈያው ቀን ካለፈ 94 ቀን ሆኗል። እስከ ግንቦት 30 ድረስ 60,000 ብር እንዲከፍሉና ቀሪውን በሦስት ወር ለመጨረስ በጽሑፍ እንዲስማሙ እናሳስባለን። ይህ ካልሆነ ጉዳዩን ለጠበቃ እናስተላልፋለን።»

«አለብዎት» የሚለው ላይ እጁ ቆመ። መስፍንን አንቱ ብሎት አያውቅም። የዳዊት አባት የሞቱ ጊዜ ድንኳን የተከለው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቡ ያልተለየው መስፍን ነው። ግን ቃሉን ቢያለሳልሰው መስፍን ነገ ዛሬ እያለ ይቆያል፣ ከዚያ ጠበቃው ይመጣል። ያቺን የሦስት ወር ጊዜ እንኳ ዳዊት ያገኘለት ግማሽ ቀን ተከራክሮ ነው።

ማኅተም አድርጎ ላከውና ስልኩን አነሳ።

«መስፌ፣ ደብዳቤ ይደርስሃል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መስፍን ዝም አለ። «ስልሳውን ከየት አመጣለሁ?»

«ቅዳሜ መጥቼ አብረን ዕቃ እንቆጥራለን። ያልተነካውን መልሰው እንዲወስዱልህ እጠይቃለሁ።»

«እሺ። ቁርስ ሳትበላ ና።»