ለጋሽ አስማረ፦ ስለ ጀልባ ጉዞው ቪዲዮ

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ አስማረ፣ እንደምን ከረሙ?

የጣና ጀልባ ጉዞዎን የሚያስተዋውቅ ቪዲዮ እንድሠራልዎት ትናንት የላኩልኝን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስላሰቡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ግን ይህን ሥራ አሁን መያዝ አልችልም። ዛሬ ነገ እያልኩ ላቆይዎት አልፈለግኩም፤ ሌላ ባለሙያ ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልግዎታል።

ቪዲዮው ጥር 5 እንዲደርስ ይፈልጋሉ፤ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ቀድሞ እንዲያየው። ልክ ነዎት፣ ከዚያ ካለፈ ምን ይጠቅማል? ዛሬ ግን ታኅሣሥ 22 ነው። ገና እንዳለፈ ደግሞ ሦስት ሰርግ ይዣለሁ፤ ቀብድም ተቀብያለሁ። ናርጋ ሥላሴ ብቻውን ቀኑን ይበላዋል። በሞተር ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ እንዴት እንደሚናወጥ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል፤ ካሜራ አያስይዝም። ዘጌን፣ ክብራንንና ናርጋን በደንብ ለመቅረጽ አራት ጠዋት እፈልጋለሁ። ለኤዲቲንግ ደግሞ ሌላ ሳምንት።

ዋጋውም እንደዚያው ነው። ያሰቡት 18 ሺህ ብር ነው፤ በእኔ ስሌት ከ40 ሺህ አይወርድም። ልከራከርዎት አይደለም። እንግዳ በጠፋበት ጊዜ ጀልባዎን እንዴት እንዳቆዩት አይቻለሁ። ግን በ18 ሺህ ብጀምረው የሆነ ቦታ ላይ መቸኮሌ አይቀርም፤ ያ ደግሞ በእርስዎ ሥራ ላይ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ይርጋን ላስተዋውቅዎት። ዘጌ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አምና ሁለት ሥራ አብረን ሠርተናል። አንድ ማለዳ፣ ባለታንኳው እንጨት ጭኖ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲል፣ እኔ ሌንስ ስቀይር እሱ በስልኩ ቀርጾ ጨርሶ ነበር። ቪዲዮውን የከፈትነው በዚያች ስድስት ሰከንድ ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ እኔ ከጀልባው አልወርድም ነበር፤ እሱ ግን መነኮሳቱን አስፈቅዶ ሊገባ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎት አልፈልግም። በትረካ የሚሄድ ረጅም ቪዲዮ የእሱ ሥራ አይደለም። ለቲክቶክና ለቴሌግራም የሚሆን አንድ ደቂቃ ላይ ግን ጎበዝ ነው። ናርጋን ለሌላ ጊዜ አቆይተው ዘጌና ክብራን ላይ ቢያተኩሩ፣ በያዙት ብርም በቀኑም የሚደርስ ይመስለኛል። ጠይቄዋለሁ፤ እስከ ገና ዋዜማ ነፃ ነው። ዋጋ አልነገርኩትም፣ በቀጥታ ተነጋገሩ። እኔ ኮሚሽን የምቀበልበት ነገር የለም።

ሦስት ደቂቃ የሚሆነውን ትልቁን ቪዲዮ አሁንም ከፈለጉት፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ስለሚቆም እጄ ባዶ ነው። ያኔ ናርጋ አድረን፣ ጠዋቱን ተረጋግተን እንቀርጻለን።

የይርጋን ቁጥር ከዚህ መልእክት አስከትዬ እልክልዎታለሁ። ዛሬ ማታ ቢደውሉለት ጥሩ ነው።

አክባሪዎ፣
ቤዛ