ጥላ የሸመነው፦ ለሰባት ምስሎች የፋሽን ኤዲቶሪያል ፕሮምፕት

ሰባት ምስሎች ያሉት አንድ የፋሽን ኤዲቶሪያል ይሠራ። ቦታው መሀል አዲስ አበባ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ዳር ያለ የአንድ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ። ወሩ ታኅሣሥ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። አልባሳቱ አምስት ናቸው። አምስቱም የትም ገበያ የሉም፣ ማንም ሰፍቷቸው አያውቅም። ግን ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ቢያያቸው «ይሄማ ይሠራል» እንዲል እፈልጋለሁ። ጨርቁ ክብደት ይኑረው፣ ስፌቱ የት እንደሆነ ይታወቅ፣ የሚቆመውም በምን እንደቆመ ይታይ።

ሰባቱን የሚያስተሳስር ሐሳብ አንድ ነው። ጥላው የልብሱ ግማሽ ነው። ጨርቁ ያለቀበት ቦታ ላይ ጥላው ይቀጥላል፤ ክንፍ፣ ዘርፍ ወይም ጥለት ይሆናል። ጥላውን ከምስሉ ብናነሳው ልብሱ ጎዶሎ ሆኖ መቅረት አለበት። ጥላው ለድባብ ብቻ የገባበት ምስል ቢወጣ፣ ምንም ያህል ቢያምር አልፈልገውም።

መብራቱ ፀሐይ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አይጨመር፤ አንጸባራቂም፣ ፍላሽም፣ ከጀርባ የሚመጣ ብርሃንም። ሰማዩ ደመና የለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። የበጋ ጠዋት ፀሐይዋ እንዴት እንደምትቆርጥ እዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በጥላው በኩል ብርድ፣ አንድ እርምጃ ወጣ ሲሉ ደግሞ ፊት የሚያቃጥል። ምስሉ ላይ ይሄ የሙቀት ልዩነት ይሰማ። ፀሐይዋ ከአድማስ 19 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላለች፤ ስለዚህ የቆመ ሰው ጥላ የቁመቱን ሦስት እጥፍ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ካሜራው ወደ ሰሜን ያያል፣ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል፣ ጥላው ሁሉ ወደ ግራ ይተኛል። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ምስል ይሄ አቅጣጫ ንቅንቅ አይበል።

የጥላው ጠርዝ ስለት ይሁን። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በጥንቃቄ ይያዝ። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ከእኛ ስትታይ የግማሽ ዲግሪ ስፋት አላት። በዚህ የተነሳ ጥላ ከሚጥለው ነገር በራቀ ቁጥር ጠርዙ ይለሰልሳል፣ በአንድ ሜትር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ። እግር ሥር ያለው ጥላ በምላጭ የተቆረጠ ይምሰል፤ ሦስት ሜትር ርቆ ግድግዳው ላይ ያረፈው የራስ ጥላ ደግሞ ትንሽ የከሰል ብናኝ የነካው ይምሰል። ይሄን ልዩነት የማያሳይ ምስል ዓይን ወዲያው ይጠረጥረዋል።

መድረኩ እንዲህ ነው። በስተ ኋላ ስድስት ሜትር ስፋት፣ አራት ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ቆሟል። በጭቃ የተመረገ ነው፤ ቀለሙ ቀይ አፈር፣ የመራጊው መዳፍ ያለፈበት እዚህም እዚያም የሚታይ። ከግድግዳው በስተ ቀኝ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፤ ሰባት እርከን ወጥቶ በአየር ላይ ያልቃል። ከደረጃው ጎን የግንባታ አጠና ተገጣጥሞ ቆሟል፣ ቅርፊቱ ግማሹ የተላጠ፣ ሚስማሩ ወጣ ወጣ ያለ። የአጠናው ጥላ ግድግዳውን በሰያፍ ይቆራርጠው። ወለሉ ጠቆር ያለ ግራጫ ሲሚንቶ ነው። ነጭ እንዲሆን አልፈልግም፤ ነጭ ወለል ብርሃኑን ወደ ላይ እየመለሰ ጥላውን ያፈዘዋል። ከግድግዳው ጫፍ ውጭ ከተማው በጥቂቱ ይታይ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የውኃ ታንከር፣ አንድ ክሬን። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የታወቁ ሕንፃዎችና ሐውልቶች አይግቡ። ቦታውን መብራቱ ራሱ ይናገረዋል።

አሁን ልብሶቹ።

የመጀመሪያው «ግንብ ጋቢ» ይባላል። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። ይሄኛው አሥራ ስድስት ድርብ ነው። ከብዛቱ የተነሳ ትከሻ ላይ አያርፍም፤ ወለሉ ላይ ቆሞ ሴትዮዋን ያጥራታል። ከፊት ለፊት ከአገጯ እስከ ጉልበቷ አንድ ስንጥቅ አለው፤ ፊቷና ሁለት ጣቶቿ ብቻ ይታያሉ። ቅርጹ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ያስታውሰኝ፤ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ የተጠረበ፣ ዝም ያለ። ጥለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከታች ጣት የምታክል፣ የደም ቀይ።

ሁለተኛው «ቆርቆሮ» ነው። ጨርቁ ጥጥ ነው፣ ብረት አይደለም። በስታርች ደርቆ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ የሠራ ረጅም ቀሚስ፤ ከአንዱ ሞገድ እስከ ሌላው ሰባት ሴንቲሜትር። ከላይ ብርማ ግራጫ ሆኖ ወደ ታች እየዛገ ይሄዳል፣ ከክረምት ዝናብ በኋላ የሰፈር ጣሪያ ጠርዝ እንደሚዝገው። የእያንዳንዱ ሞገድ አንዱ ጎን ነጭ፣ ሌላው ጎን ጥቁር ሆኖ ይታይ። አንድ እጅጌ ብቻ አለው። ሌላኛውን እጅጌ ጥላው ግድግዳው ላይ ይሠራዋል፤ የለበሰችው ልጅ እጇን ዘርግታ ስትቆም የአጠናው ጥላ ከእጇ ጥላ ጋር ገጥሞ እጅጌ ይሆናል።

ሦስተኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፣ የሁሉም ልብ እሱ ነውና። ስሙ «የጥላ ጥበብ»። ቀሚሱ ምንም የሌለው ነጭ ነው፤ ጥለት የለው፣ ጥልፍ የለው። ከለባሿ ትከሻና ወገብ በቀጭን ሽቦ ተይዞ፣ በፀሐይዋ በኩል ግማሽ ሜትር ርቆ የቆመ የቆዳ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ቅርጾች ተፈልፍለዋል፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ባለ አራት ማዕዘን አልማዞች፣ በመሀላቸው ቀጭን መስመር። ፀሐይዋ በዚያ በኩል ገብታ ነጩ ቀሚስ ላይ ጥለቱን ትሸምናለች። በግማሽ ሜትር ርቀት ጠርዙ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚለሰልስ ቅርጾቹ ትንንሽ ከሆኑ ተዋህደው ይጠፋሉ። እያንዳንዱ አልማዝ ስድስት ሴንቲሜትር ይሁን፣ መስመሩም ከሁለት አይነስ። ጨርቁ በታጠፈበት ሁሉ ጥለቱ አብሮ ይታጠፍ፣ ይሰበር፣ ይለጠጥ። ልጅቷ ዞር ስትል ጥለቱ ከጎኗ ይንሸራተታል። በዓለም ላይ የዚህ ቀሚስ ጥለት አንድ ዓይነት ሆኖ ሁለት ጊዜ አይታይም።

አራተኛው የባና በርኖስ ነው፣ ወንድ የሚለብሰው። ጥቁር የበግ ፀጉር፣ ወፍራም፣ ሲነኩት የሚኮሰኩስ። የቀኝ ትከሻው ሾጥጦ ሽቅብ ወጥቷል፣ ከጆሮው በላይ። ጥቁር በጥቁር ላይ እንዳይጠፋ ብርሃኑ የፀጉሩን ጫፍ ጫፍ ብቻ ይንካ።

አምስተኛው «ሞሰብ»። ከአክርማ የተሰፋ፣ ከወገብ ጀምሮ እየሰፋ የሚወርድ ቀሚስ፤ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴና የስንዴ ቀለም በዙሪያው እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። ይሄን የምትለብሰው ከሁሉም ትልቋ ናት፣ ስልሳ ያለፋት። ፀጉሯ ሹሩባ፣ ሽበቱ የሚታይ። ቆማ ሳይሆን ደረጃው ሦስተኛ እርከን ላይ ተቀምጣ ትታይ፤ እማማ ቤታቸው በር ላይ እንደሚቀመጡት ዘና ብላ።

ሰዎቹ ሁሉም ምናባዊ ይሁኑ፣ የማንንም ፊት አይምሰሉ። ቆዳቸው ጠይም እና ጥቁር ነው፣ እንደዚያው ይቅር። ብርሃኑ ነጩን ጨርቅ ይዞ ይለካ፤ ፈትሉ ተቃጥሎ ባዶ ነጭ እንዳይሆን። ፊታቸው ጥልቅ ቡናማ ሆኖ ጉንጭና ግንባር ላይ ይብራ። አመድ የመሰለ ፊት ወይም በግድ የነጣ ፊት እንዳላይ። እግራቸው ባዶ ነው፤ በርኖስ የለበሰው ብቻ በረባሶ አድርጓል። ፈገግታ አያስፈልግም፣ ኩርፊያም አያስፈልግም። ፀሐይዋ ዓይናቸውን ስለምትወጋ ትንሽ ጨፈን ያድርጉ።

የምስሎቹ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። አንደኛው ሰፊ ነው፤ መድረኩ በሙሉ፣ መሀል ላይ ግንብ ጋቢ ብቻውን፣ ጥላው እስከ ምስሉ ግራ ጠርዝ። ሁለተኛው ቆርቆሮ ከእጅጌው ጥላ ጋር። ሦስተኛውና አራተኛው የጥላ ጥበብ ናቸው፤ አንዱ ሙሉ ቁመት፣ አንዱ በጣም ቀርቦ። የቀረበው ደረቷንና የግራ ክንዷን ብቻ ያሳይ። የእጅ ፈትል አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም፤ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይቀጥናል። ከጎን የመጣው ብርሃን ያንን እብጠት ሁሉ ያውጣው፣ በላዩም የአንድ አልማዝ ጥላ ይለፍ፣ ግማሹ ጨርቁ ላይ፣ ግማሹ ቆዳዋ ላይ። አምስተኛው በርኖሱ፣ ከደረጃው አናት ላይ፣ ከታች ወደ ላይ የታየ። ስድስተኛው ሞሰብ።

ሰባተኛው ከሌሎቹ ይለያል። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ ጥላው ከቁመት አንሷል፣ ግድግዳው ባዶ ነው። አምስቱም እዚያው ቆመዋል። ቆርቆሮ የጥላ እጅጌዋ የለም። የጥላ ጥበብ ለባሿ ላይ ጥለቱ ከቀሚሷ ወርዶ እግሯ ሥር ሲሚንቶው ላይ ፈሷል፤ እሷም ጎንበስ ብላ እያየችው ነው።

ሁሉም ምስሎች ቁመታቸው ይብለጥ፣ 4 በ5። የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ዕይታ፣ ኤፍ 11፤ ከልብሱ እስከ ግድግዳው ሁሉም ጥርት ይበል። የደበዘዘ ጀርባ ጥላውን ስለሚገድለው አይሞከር። ቀለሙ ሞቅ ያለ ግን ያልተጋነነ፣ ጥላው ውስጥ ትንሽ ሰማያዊነት ያለው፣ ምክንያቱም እዚያ የሚደርሰው የሰማዩ ብርሃን ብቻ ነው።

የማይገቡ ነገሮችም አሉ። ጭስና ጭጋግ አይግባ። ጀበና፣ ረከቦት፣ ከበሮ አይግባ፤ ፖስትካርድ አይደለም የምንሠራው። መስቀልና የካህናት ልብስ አይግባ፣ ለማስዋቢያ የሚሆን ነገር አይደለም። ጽሑፍ የትም ቦታ አይታይ፤ ፊደላችን ተበለሻሽቶ፣ ምንም የማይነበብ ጭረት ሆኖ ሲወጣ ማየት ያመኛል። ሁለት ጥላ ያለው ሰው አይኑር። ጣቶች አምስት አምስት ይሁኑ፣ በጥላውም ላይ ጭምር።