የምስክር ቃል እርማትና ማስታወሻ፦ በጨሞጋ ዳር ስለ ጠፋው በሬ

ለመርማሪው፦

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለው ቀበሌ የተቀበልኸውን የምስክር ቃል ከድምፅ ቅጂው ጋር እያመሳከርሁ አርሜዋለሁ። የሰረዝሁት የጽሑፉን ስሕተት ነው፤ የምስክሯን አነጋገር አልነካሁም። የታረመው ቃል የሚከተለው ነው።

«ዓርብ ነው፤ የለም፣ ቅዳሜ ነው፣ ኸገበያ የተመለስሁ ዕለት። ላሞቹን አልቤ፣ እሳቱን ዳፍኜ ልተኛ ስል ውሻው አላስቀምጥ አለኝ። የወንድሜ በረት ኸኔ አጥር ጋር ይዋሰናል። ወጣሁ፤ ኸበረቱ በኩል መዝጊያ ሲንኳኳ ሰማሁ። ‹ማነው?› ብል መልስ የለም። ኋላ አንድ ረዘም ያለ ሰው፣ ጋቢ የደረበ፣ በሬ እየነዳ ወደ ጨሞጋ ሲወርድ አየሁ። የጎረቤቴ ልጅ መሰለኝ። ፊቱን ግን አላየሁትም፤ እሱ ነው ብዬ አልምልም። ሲነጋ እረኛው መጣና ‹ቦራው በሬ ኸወንዙ ማዶ አለ› አለኝ። እኔ ወርጄ አላየሁትም።»

ከሁሉ የከበደኝ «መሰለኝ» የሚለው ቃል ነው፤ በመጀመሪያው ጽሑፍ «የጎረቤቴ ልጅ ነበር» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፣ ይህም ምስክሯ በጥንቃቄ የተናገሩትን ጥርጣሬ አንድን ወጣት ወደሚያስከስስ እርግጠኝነት ለውጦታል። ሁለተኛው «አለ አለኝ» የሚለው ነው፤ ጸሐፊው ቃሉ በስሕተት የተደገመ መስሎት «አለኝ» የሚለውን ቢያስቀረው፣ «ማዶ አለ» የሚለው የእረኛው ንግግር መሆኑ ቀርቶ ምስክሯ በዓይናቸው ያዩት መሰለ። በጽሑፍ ላይ የሚጠብቀውና የሚላላው «አለ» አንድ ስለሚመስሉ፣ የእረኛውን ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ለይቼዋለሁ።

«ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ» የሚለውን አውጥቼዋለሁ፤ በቅጂው ውስጥ ምስክሯ ሰዓት አልጠሩም፣ የጠሩት የላም መታለቢያን ነው። ሰዓቱ ለምርመራው የሚያስፈልግ ከሆነ እባክህ ጠይቃቸው፤ ጥያቄህም መልሳቸውም አብረው ይጻፉ።

«እ» እያሉ የቆሙባቸውን ቦታዎች ትቻለሁ። «ዓርብ ነው፤ የለም፣ ቅዳሜ» ያሉትን ግን አልሰረዝሁም፣ ራሳቸውን ማረማቸው የቃሉ አካል ነውና። «ኸገበያ»፣ «ኸበረቱ» የሚሉትንም ወደ «ከ» አልመለስሁም፤ የአገራቸው አነጋገር ነው፣ ትርጉምም አያዛባም።

ምስክሯ ማንበብ እንደማይችሉ በቅጂው ላይ ነግረውሃል። ስለዚህ አሻራቸውን ከማኖራቸው በፊት ቃሉ በዝግታ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ «መሰለኝ» የሚለው ላይ ሲደረስ ቆም ብለህ እንዲህ ማለታቸውን አረጋግጥ። የመጀመሪያው ጽሑፍም አይጣል፤ ከዚህኛውና ከድምፅ ቅጂው ጋር በመዝገቡ ውስጥ ይቀመጥ።