የተከማቹ ጥያቄዎችን የምናጸዳበት የአንድ ሳምንት ዕቅድ

ለጎንደር የደንበኞች ድጋፍ ቡድን፣ ለአራታችንም

ዛሬ ዓርብ ማታ ስቆጥር 186 ያልተዘጉ ጥያቄዎች አሉን። ቅዳሜ ሳምንት 6 ሰዓት ላይ ከ20 በታች ማድረስ እንፈልጋለን።

ሰኞ ጠዋት ማንም መልስ አይጽፍም። ቁጭ ብለን እንለያለን። የተደጋገሙት አንድ ላይ ይጠቃለሉ። ከአዘዞ አንድ ደንበኛ ያንኑ ጥያቄ አምስት ጊዜ ልከዋል፤ አይፈረድባቸውም። የይለፍ ቃል የጠፋባቸው ብቻ 40 ይሆናሉ፤ ለእነሱ አንድ መልስ አዘጋጅተን ከሰዓት በኋላ እንጨርሳቸዋለን።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሁለት ሰው የቆየውን ብቻ ይይዛል፤ ከአሮጌው ይጀምራል። አንድ ሰው አዲስ የሚገባውን፣ አንዱ ስልኩን። ስልክ የያዘው ምሳ ላይ ይቀየራል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ መዋል ያንገሸግሻል። መብራት ቢጠፋ ዝርዝሩ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ በሞባይል እየደወልን እንቀጥላለን።

«እየታየ ነው» ብሎ መዝጋት የለም። ደንበኛው መልሱን ካላገኘ አልተዘጋም።

ረቡዕ ማታ ከ90 በላይ ከቀረን የሐሙሱን ስብሰባ እንሰርዛለን። ዓርብ የቴክኒክ ክፍል ያዘገያቸውን ይዤ እኔው እሄዳለሁ። ቅዳሜ ቆጠራ፣ ከዚያ ፒያሳ ቡና። ሒሳቡ በእኔ ነው።