ቤቲዬ፣ ትምህርት ቤት ሳትሄጂ አንብቢው

ቤቲዬ፣ የኔ እናት፣

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሰርቪሱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት አለኝ። በቴሌግራም ልልክልሽ ነበር። ግን ስልክሽን ስትከፍቺ ከኔ በፊት ስንት የሰው ፊት እንደሚጠብቅሽ ሳስብ ተውኩት። ከደብተርሽ መሃል አንድ ሉክ ገንጥያለሁ፤ አትቆጪ።

ትናንት ማታ ለብጉሬ የሚያነጣ ክሬም ግዢልኝ ስትይ መጮህ አልነበረብኝም። ደክሞኝ ነበር። ይቅርታ። መልሴ ግን አሁንም አይሆንም ነው። ምክንያቱን ሳልነግርሽ ስለተኛሽ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ስለ እንቁጣጣሽ ፎቶሽ። አክስትሽ ናት ያሳየችኝ። «እዪ ልጅሽን፣ እንዴት ፏ ብላለች!» አለች። ቀሚሱን ወዲያው አወቅኩት፣ እኔው ነኝ ያሳጠርኩት። አንቺን ለማወቅ ግን ትንሽ ቆየሁ። ከግራ ቅንድብሽ በላይ ያለችው ጠባሳ የለችም። አራት ዓመትሽ ላይ ደረጃው ላይ ወድቀሽ፣ ግንባርሽን በነጠላዬ ይዤ ጤና ጣቢያ የሮጥኩባት ጠባሳ። ሁለት ስፌት። አፍንጫውም የአባትሽ አልነበረም። ፎቶውን በጣቴ ሳሰፋው ደግሞ ከጀርባሽ ያለው የበሩ ጠርዝ ጉንጭሽ ጋ ሲደርስ ጎብጧል። ለካ ስልኩ ጉንጭሽን ሲያከሳ በሩንም አብሮ ጎትቶታል! ሳቄ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከፋኝ።

ፊልተር ኃጢአት ነው አልልሽም። ከወንድምሽ ጋር የጥንቸል ጆሮ እያደረጋችሁ ስትስቁ እኔም ስቄያለሁ። የከፋኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያን ፎቶ ከለጠፍሽ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ መስታወቱ ፊት ግማሽ ሰዓት ቆምሽ። ድሮ ልጅ ራሷን የምታወዳድረው ከጎረቤት ልጅ ጋር ነበር። አንቺ ግን ስልኩ ከሠራት ቤቲ ጋር ነው የምትወዳደሪው። እሷ እኮ አትተኛም፣ የወር አበባ የላትም፣ ፀሐይ አይመታትም።

ወንድምሽ እንዳሳየኝ ደግሞ ብዙ ስልክ ላይ የፊት ካሜራው ማለስለሻ ሳትነኪው በርቶ ነው የሚመጣው። አንቺ «ያለ ፊልተር ነው» ብለሽ የምትቀኚበት ፎቶ ሁሉ ያለ ፊልተር ላይሆን ይችላል። አፍንጫዬ ትልቅ ነው የምትይውም ቢሆን፣ ስልኩን ከፊትሽ ሲያስጠጉት ለሌንሱ የሚቀርበው አፍንጫ ስለሆነ ያተልቀዋል። ሰው ራቅ ብሎ ሲያነሳሽ እዪው።

እኛ ፋብሪካ ለሱቅ ማሳያ ልብስ ስናዘጋጅ ምን እንደምናደርግ ነግሬሽ አላውቅም። ቀሚሱ አሻንጉሊቷ ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጠው ከኋላ በስፒል ጠቅጥቀን ስለምናጠበው ነው። ከፊት ስታዪው ወገቧ ያስቀናል። ከኋላ ዞር ብለሽ ብታዪ አሥር፣ አሥራ አምስት ስፒል ይቆጠራል። ገዢዋ ለብሳው ሰፋ ሲልባት ወገቧን ትራገማለች። ቪዲዮ ላይ የምታዪያቸውን ልጆች ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ይሄ ነው። መብራቱም፣ ሜካፑም፣ ሃምሳ ጊዜ ተነስቶ የተመረጠው አንዱም ስፒል ነው።

አሁን ስለ ክሬሙ። አሥረኛ ክፍል ሆኜ የፊቴ ብጉር ከአንቺ የባሰ ነበር። ግንባሬና ሁለቱም ጉንጬ። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ስነሳ ነጠላዬን እስከ አፌ ስቤ ገባሁ። ፎቶ አንሺው «አውርጂው፣ ቀና በይ» ቢለኝ አለቀስኩ። በዚያው ሰሞን አንዷ ጓደኛዬ ከሱቅ የገዛችውን ክሬም ሰጠችኝ። በሁለት ሳምንት ፊቴ ጠራ! ሰፈሩ ሁሉ ምን ተቀብተሽ ነው አለኝ። ክሬሙ አልቆ ሳቆም ግን ፊቴ ቀላ፣ ተቃጠለ፣ ብጉሩ በእጥፍ ተመለሰ። መልሼ ስቀባ ይተኛል፣ ስተው ይነሳል። ቆዳዬ ከመሳሳቱ የተነሳ ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ይታዩ ነበር። ኋላ ሐኪም ሲያየው ስቴሮይድ ያለበት ነው አለኝ። ለሌላ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ለብጉር ሲቀቡት ግን እንዲህ ያደርጋል። ከማንጫዎቹ ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፣ እሱ ኩላሊት ድረስ ይጎዳል። ስለዚህ ማንም «በሳምንት ያጠራል» ቢልሽ ሽሺ።

ጤና ጣቢያ ሐኪሟ ያለችሽን ረስተሽው ከሆነ ልድገመው። በእድሜሽ ሆርሞኑ ሲነሳ ከቆዳ ሥር ያሉት እጢዎች ቅባት ያበዛሉ፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውስጡ ባክቴሪያ ይራባል፣ ያብጣል። ቆሻሻ ስለሆንሽ አይደለም። በቀን አምስቴ በሳሙና መፈተግ ያደርቀዋል እንጂ አያጠፋውም። (ውሃችንም በፈረቃ ነው፣ እሱንም አስቢልኝ።) ጠዋትና ማታ ይበቃል። ሎሚውንና የጥርስ ሳሙናውንም ተዪ፤ ግማሽ ሎሚ ከመታጠቢያው ሥር አግኝቻለሁ። አያትሽ ለበዓል አናትሽ ላይ ያደረገችልሽ ቅቤም ግንባርሽ ላይ ሲወርድ ብጉሩን ሳያባብሰው አልቀረም። ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት፣ ጉድ ይፈላል።

ሐኪሟ የሰጠችሽን ቱቦ በአምስተኛው ቀን እንደተውሽው አውቃለሁ። እንዴት አወቅሽ ካልሽ፣ ትራስሽ ነገረኝ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጨርቅ ያነጣል ብላን አልነበር? ሰማያዊው የትራስ ልብስ ላይ በጉንጭሽ ልክ ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ ካጠብኩት ወዲህ አልጨመረም። ስለ ትራሱ አልተቆጣሁም። አሮጌ ነጭ ፎጣ አንጥፌልሻለሁ፣ እሱ ላይ ተኚ። መጀመሪያ ላይ መላጡና መድረቁ ያለ ነው። በየቀኑ ከከበደሽ አንድ ቀን እየዘለልሽ ጀምሪ፣ ሲለምደው ትጨምሪያለሽ። ለውጡ የሚታየው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው ብላለች። ዛሬ ጥቅምት 10 ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ስትቆጥሪ ጥምቀት ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ያልቃል። እስከዚያ በየቀኑ መስታወቱ ፊት ቆመሽ አትመርምሪው። እኔ ሊጥ አብኩቼ በየሰዓቱ ክዳኑን ስከፍት አይተሽኛል?

እባክሽ አታፍርጪው። ብጉሩ ይሄዳል፣ ያፈረጥሽው ግን በእኛ ቆዳ ላይ ጥቁር ምልክት ትቶ ወራት ይቆያል። የአዲስ አበባ ፀሐይም ብርድ አለ ብሎ አይምርም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ ምልክቱን ያጠቁረዋል። ደሞዝ ስይዝ የፀሐይ መከላከያ እገዛልሻለሁ፣ እስከዚያ ጃንጥላዬን ያዢ። እስከ ጥምቀት ምንም ካልተለወጠ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል እወስድሻለሁ፣ ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ያቺ ሁሌ የምትጠሪያት የክፍልሽ ልጅ፣ «እሷ እኮ አንድ ብጉር የላትም» የምትያት፣ ባለፈው ሰኞ ታክሲ ተራ አግኝታኝ ሳመችኝ። ምን እንዳየሁ አልነግርሽም፣ የሰው ልጅ ነውር አላወራም። ብቻ አንድ ቀን ስልካችሁን አስቀምጣችሁ አብራችሁ ሻይ ጠጡ።

ቅዳሜ ለአክስትሽ ልጅ ምርቃት አልሄድም ብለሻል። አላስገድድሽም። ከመጣሽ ግን አንድ ፎቶ ሳትነኪው ላኪልኝ፣ የትም አልለጥፈውም። ጠባሳዋ የምትታይበት ይሁን።

ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂው። እንጀራ መሶብ ውስጥ አለ። የታክሲ ሃምሳ ብር ከስኳሩ ጣሳ ሥር አስቀምጫለሁ፤ ወንድምሽ ሳያየው ውሰጂ። ሰርቪሱ ክላክስ እያደረገ ነው።

እናትሽ