ጠበቃና የሕግ አማካሪ፦ የሥራ ክርክርና የውርስ ጉዳዮች

በፌደራል ፍርድ ቤቶች የምከራከር ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ልደታ ነው፣ ከፍርድ ቤቱ በእግር ጥቂት ደቂቃ። በ14 ዓመት የጥብቅና ሥራዬ በብዛት የያዝኩት የሥራ ክርክርና የውርስ ጉዳይ ነው። የወንጀል ጉዳይ አልይዝም።

በሥራ ክርክር ለሠራተኛም ለአሠሪም እቆማለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሰው "ወደ ሥራዬ ልመለስ" ብሎ የሚከሰው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ግን "ሽማግሌ ልኬአለሁ፣ ይመልሱኛል" እያለ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል። ጥሩ ማስረጃ ይዞ በአራተኛው ወር የሚመጣ ሰው በጣም ያሳዝነኛል።

ከያዝኳቸው ጉዳዮች ጥቂቶቹን ከዚህ በታች ጽፌአለሁ። ባለጉዳዮቹን አስፈቅጃለሁ። ስም፣ ድርጅት፣ ሰፈርና የገንዘብ መጠን ግን አልጠቀስኩም።

አንዲት ሠራተኛ የገንዘብ ጉድለት ተገኝቶብሻል ተብላ ተባረረች። የቆጠራውን ሰነድ ሳገላብጥ የእሷ ፊርማ የለበትም። ቀኑን ከፈቃድ ወረቀቷ ጋር አስተያየሁት። ቆጠራው የተደረገው እሷ የዓመት ፈቃድ ላይ ሳለች ነው። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ተብሎ ተወሰነላት።

አንድ አሠሪ ደግሞ ሠራተኛ ሊቀንስ ሲያስብ፣ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት መጣ። ሥርዓቱን ጠብቆ ሄደ፤ ክስም አልቀረበበትም።

በውርስ በኩል የማልረሳው የተሸነፍነውን ነው። ኑዛዜው ላይ አራት ምስክሮች ፈርመዋል። ነገር ግን በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡን የሚገልጽ ቃል በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881 ይህን ይጠይቃል፤ ኑዛዜው ፈረሰ። እኔ ጉዳዩን የያዝኩት ሟቹ ካረፉ በኋላ ነበር፣ የሚስተካከል ነገር አልነበረም። አሁን ኑዛዜ ሳዘጋጅ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ይጻፋል።

ውጭ አገር ለሚኖሩ ወራሾችም እሠራለሁ። ውክልናውን ባሉበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አረጋግጠው ይልካሉ።

ሲመጡ የስንብት ደብዳቤ፣ የሥራ ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ ለውርስ ከሆነ ኑዛዜና የሞት ማስረጃ ይያዙ። የጎደለ ነገር ካለም ይምጡ፣ አብረን እንፈልጋለን።

የነገሩኝ ነገር ከእኔ ጋር ይቀራል፣ ጉዳዩን ባልይዘውም። "እህቴ እርስዎ ጋ መጥታለች ወይ?" ብሎ የሚደውል አለ። አዎም አይደለምም አልልም። ዘመድ ይዘው ከመጡም፣ መጀመሪያ ብቻዎን አነጋግርዎታለሁ። እሱ ውጭ ሻይ እየጠጣ ይጠብቅዎታል።